«ጎበዝ ናት» ከተባልን በኋላ ምን እንጠይቅ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በቅጥር ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)

ለቁጠባና ብድር ሥራችን አዲስ ሒሳብ ያዥ ከቀጠርን ወዲህ ከሰሚትም፣ ከአያትም፣ ከቦሌ አራብሳም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰናል፤ «እንዴት አድርጋችሁ መረጣችኋት?» የእናንተን ገንዘብ የምትመዘግብ ሰው ናትና ጥያቄው ተገቢ ነው። ማስታወቂያ ማውጣቱንና ፈተና መስጠቱን ታውቁታላችሁ። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ መጨረሻው እርምጃ፣ የቀድሞ አሠሪ ጋ ደውሎ ስለ መጠየቅ ነው።

በእኛ አገር ሠራተኛ ስንቀጥር ሁለት ነገር መጠየቅ ለምደናል፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤና ተያዥ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ሆኖም አንዳቸውም ሰውዬዋ ሥራዋን እንዴት እንደሠራች አይነግሩንም። ተያዡ ገንዘብ ቢጎድል ሊከፍል ይፈርማል እንጂ ሒሳብ ስትሠራ አላያትም። ደብዳቤውም ቢሆን፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ እንዲሰጥ የሚገደደው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ነው። ከግርጌ የሚጨመረው «ታማኝና ታታሪ ነበሩ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለሁሉም የሚጻፍ የስንብት ሰላምታ ነው፤ እኛ አንብበን እናልፈዋለን።

ደብዳቤው የሚጠቅመን ለሌላ ነገር ነው፤ ስንደውል በእጃችን ይዘነው የምናመሳክረው እሱን ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሰውን ያለ ጥፋቱ ያስጠረጥራል። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ሲቪው ላይ «ከጥር 2012» ተብሎ ደብዳቤው «ከ2020 መጀመሪያ» ካለ ሁለቱ አንድ ናቸው። ሁለተኛው የክፍለ ከተማችን ስም ነው። ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የተቋቋመው በ2013 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተጻፈ ደብዳቤ አድራሻው ቦሌ ወይም የካ ቢል ምንም አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ቀኑ 2010 የሆነ ደብዳቤ በራስጌው ላይ «ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ» የሚል አድራሻ ይዞ ሲመጣ ነው። ያኔ ደብዳቤው መቼ እንደተጻፈ ድርጅቱን እንጠይቃለን።

ከመደወላችን በፊት አመልካቿን እናስፈቅዳለን። አሁንም በሥራ ላይ ካለች፣ ካላረጋገጥንላት በስተቀር አሁን ያለችበት መሥሪያ ቤት አንደውልም፤ ሥራ ፍለጋዋን አሳውቀን እንጀራዋን ልንዘጋባት እንችላለንና። የምንደውለውም በተቻለ መጠን በድርጅቱ የቢሮ ስልክ ነው። በሲቪ ላይ የተሰጠን የሞባይል ቁጥር የአጎት ልጅም፣ አብራት የሠራች ጓደኛዋም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ጥያቄያችን ስለዚህ ስለ እሷ ሳይሆን ስለሚመልሰው ሰው ነው፤ «እርስዎ ሥራዋን በየዕለቱ ያዩ ነበር ወይስ ከሌላ ሰው ይሰሙ ነበር?»

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ለመጨረሻው ዙር ሁለት አመልካቾች ቀርተው ነበር። የመጀመሪያዋ አንድ የሕንጻ መሣሪያ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የሠራች፣ በቃለ መጠይቁ ሁላችንንም ያስደሰተች ነበረች። ሲቪዋ «የወር ሒሳብ መዝጋት» ይላል። የቀድሞ ሥራ አስኪያጇ ስልኩን እንዳነሱ፣ «ውይ፣ እሷማ ጎበዝ ናት፤ ምንም አይወጣላትም፣ ከሰው ጋር ተግባቢ፣ ትሑት» አሉን። ብዙ ቀጣሪ እዚህ ላይ አመስግኖ ስልኩን ይዘጋል። እኛ ግን እስካሁን የሰማነው ሰውዬው እንደሚወዷት ብቻ ነበር።

ስለዚህ «ጎበዝ ናት ወይ?» የሚል ዓይነት ጥያቄ ትተን፣ መልሱ ቀን ወይም ቁጥር ወይም ድርጊት የሆነ ጥያቄ ጠየቅን። «የወሩ ሒሳብ ተዘግቶ ጠረጴዛዎ ላይ የሚደርሰው በስንተኛው ቀን ነበር?» ሰውዬው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «እሱን እንኳ የሚሠራልን ከውጭ የሚመጣ የሒሳብ ባለሙያ ነበር፤ እሷ ደረሰኞቹን በቅደም ተከተል አዘጋጅታ ትሰጠው ነበር» አሉን። አልዋሹንም፤ ያላወቅነውን የነገሩን ስለጠየቅናቸው ነው። አመልካቿን መልሰን ስንጠይቃትም ነገሩን አልካደችም፤ ሰነድ ማዘጋጀቱን ከመዝጋቱ ጋር ቀላቅላ ነው የጻፈችው። ለሌላ ሥራ የምትሆን ሰው ናት፤ እኛ የምንፈልገው ግን ከባንክ መግለጫው ጋር ሒሳብ የሚያስታርቅ ሰው ነበር።

የሁለተኛዋ የቅርብ አለቃ ደግሞ ድምፃቸው ቀዝቃዛ ነበር። «ብዙ አትጫወትም። ፊቷ አይፈታም» ብለው ጀመሩ። ያንኑ ጥያቄ ስናቀርብላቸው ግን ሳያመነቱ፣ «እስከ ወሩ አምስተኛ ቀን። ሁለት ጊዜ ዘግይታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ከባንክ መግለጫ ስላልመጣ ነው» አሉ። «ሒሳቡ አልገጥም ያለበት ጊዜ ነበር? ምን አደረገች?» ብለን ስንጨምር፣ አንድ ቀን በመዝገብና በካዝና መካከል የ180 ብር ልዩነት መገኘቱን አጫወቱን። ልጅቷ ቁጥሩን አይታ «ለ9 ይካፈላል፤ አኃዝ ተገላብጦ መሆን አለበት» ብላ መዝገቡን ስትበረብር 1,350 ብር የሚል ደረሰኝ 1,530 ተብሎ ተመዝግቦ አገኘች። ሒሳብ የምትሠሩ አባሎቻችን ይህን ዘዴ ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ጎረቤት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚመጣው ልዩነት ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። እንዲህ ያለ ታሪክ በቦታው ያልነበረ ሰው በስልክ ላይ ፈጥሮ አይናገረውም። ሙገሳው ያለው እዚያ ውስጥ ነበር እንጂ በድምፁ ሙቀት ውስጥ አልነበረም።

ሁሉም ሰው እንደ እኚህ አለቃ አይነግራችሁም። አብዛኛው መልስ «ደህና ናት»፣ «ሰላማዊ ናት»፣ «እኛ ጋ ችግር አልነበረባትም» ነው። ለምን እንዲህ እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን፤ የሰው እንጀራ መዝጋት ነውር ነው፣ ነገ ደግሞ በለቅሶም በሠርግም እንገናኛለን። ይህን የሚያስብን ሰው «እውነቱን ንገሩኝ» ብሎ መጫን ይበልጥ ያዘጋዋል። የሚሻለው ጥያቄውን ማዞር ነው፤ መልሱ እሷን ለመጣል ሳይሆን እሷን ለመርዳት እንደሚውል እንዲሰማው። «ብንቀጥራት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በምን ብናግዛት ይሻላል?» ስንል፣ «ደህና ናት» ብሎ የዘጋው ሰው ብዙ ጊዜ ይከፈታል። «ኮምፒውተር ላይ ብታለማምዷት» ወይም «ጠዋት ላይ ትንሽ ብትከታተሏት» የሚል መልስ ሰምተናል። «ጠዋት» የሚለውን ቃል ስንሰማ «ስንት ሰዓት ነበር የምትገባው?» ብለን እንቀጥላለን።

ሌላው የሚሠራልን መንገድ ምርጫ ማቅረብ ነው፤ «ገንዘብ ተቀብሎ መቁጠርና መዝገብ መሥራት ቢኖር፣ እርስዎ የትኛውን ለእሷ፣ የትኛውን ለሌላ ሰው ይሰጡ ነበር?» ይህ ማንንም አያስነውርም፤ ግን ይለያል። ከጠየቅን በኋላም ዝም ብለን እንጠብቃለን። ስልክ ላይ ዝምታ ይከብዳል፤ ስለከበደንም ብዙዎቻችን መልሱን ራሳችን ለሰውዬው እናቀብለዋለን፣ «በሰዓቷ ትገባ ነበር አይደል?» እያልን። ያኔ «አዎ» ከማለት ሌላ ምን ይበል?

በተደጋጋሚ ጠይቀንም ምሳሌ ካልተገኘ፣ ያን ጥሪ ጥሩም መጥፎም ብለን አንመዘግበውም፤ «አልታወቀም» ብለን ጽፈን ሌላ ሰው እንፈልጋለን። የሰው ኃይል ክፍላቸው ብቻ እንዲመልስ፣ እሱም ቀንና የሥራ መደብ ብቻ እንዲናገር የሚያዝዙ መሥሪያ ቤቶች አሉ። የእነሱ ዝምታ ስለ አመልካቿ ምንም አይናገርም።

መጥፎ መልስም በጥንቃቄ ነው የሚሰማው። «ብዙ ትቀር ነበር» ሲባል «መቼ ነበር? በፈቃድ ነው ያለ ፈቃድ?» ብለን እንጠይቃለን። አንድ ጊዜ ይህን ብለን የተመለሰልን ወሊድ ላይ እንደነበረች ነው። ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣታል፤ መብቷን የተጠቀመች ሴት ቀሪ አትባልም። እንዲሁም ሠራተኛዋ እንድትሄድላቸው የሚፈልጉ አሠሪ ያሞግሷታል፣ እንዳትሄድባቸው የሚፈልጉ ያጣጥሏታል። ስለዚህ አንድ ድምፅ አይበቃንም፤ ቢቻል ሁለት አለቆችና አንድ የሥራ ባልደረባ እንጠይቃለን፣ ለሁሉም አመልካቾች ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቅደም ተከተል።

ደብዳቤ የሌላት ሴት ስትመጣስ? ከመካከላችሁ ይህን የጠየቃችሁን አላችሁ። ዕቁብ የሰበሰበች ወይም የዕድር ገንዘብ ያዥ የነበረች ሴት የምትጠየቅበት አለቃ ባይኖራትም ሒሳቧን ያዩ አባላት አሏት። «ያልከፈለ አባል ሲኖር ምን ታደርግ ነበር? ሒሳቡን ለአባላት የምታነበው በየስንት ጊዜው ነበር?» ብለን እነሱን እንጠይቃለን። መልሱ ከማንኛውም ማኅተም ያለው ወረቀት የበለጠ ሲነግረን አይተናል።

ሁለተኛዋን ቀጠርናት። አለቃዋ «ፊቷ አይፈታም» ያሉትንም አልጣልነውም፤ በቁጠባ መሰብሰቢያ ቀን መስኮቱ ላይ ሌላ እህት እንድትቀመጥ፣ እሷ ከኋላ መዝገቡን እንድትይዝ አደረግን። ሕጉ በሚፈቅደው 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ውስጥም የተከታተልነው በስልክ የተነገረንን ነው፤ ሒሳቡ በአምስተኛው ቀን መድረሱንና ልዩነት ሲገኝ ራሷ መፈለጓን። የጥሪዎቹ ማስታወሻ በታሸገ ፖስታ በጽሕፈት ቤቱ ቁልፍ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ማን ምን እንዳለን ለእሷም ለሌላም አይነገርም።

ከእኛ ለቀው ስለሄዱ ሠራተኞች ሌሎች ደውለው ሲጠይቁንም በዚሁ መንገድ እንመልሳለን፤ ከሠራተኛዋ ፈቃድ ካለን፣ የቀረችበትን ቀን ብዛት፣ የያዘችውን የገንዘብ መጠን፣ ያስረከበችውን መዝገብ እንናገራለን። «ጎበዝ ናት» የሚለውን ከዚያ በኋላ እንጨምራለን፣ የሚጨመር ከሆነ።