ፋይል ዴስክሪፕተር ምንድን ነው? ያለቀበት ፕሮሰስስ እንዴት ይወድቃል?

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ቁጥር ነው። ከዓመታት በፊት ይህ ቁጥር ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋቱን በኔትወርኩ ላይ እንዳላክክ አድርጎኛል፤ ስለዚህ ነገሩን ከዚያ ገጠመኝ ጋር አያይዤ አቀርባለሁ።

በሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮሰስ ፋይል ለመክፈት ሲሻ ከርነሉን ይጠይቃል። ከርነሉ ግን ፋይሉን ራሱን አይሰጠውም፤ ቁጥር ይሰጠዋል። ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ስንገባ በር ላይ ስልካችንን አስረክበን የምንቀበለውን ባለቁጥር ካርድ አስቡ። ስልኩ ያለው ጥበቃው ዘንድ ነው፤ በእጃችን ያለው ቁጥሩ ብቻ ነው። ፋይል ዴስክሪፕተር የሚባለው ይህ ቁጥር ነው። ከርነሉ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱን ሠንጠረዥ ይይዛል፤ ቁጥሩም በሠንጠረዡ ላይ ያለውን ቦታ ያመለክታል። በልማድ 0 ለግብዓት፣ 1 ለውጤት፣ 2 ለስሕተት መልእክት የተያዙ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚከፈት ሁሉ ነጻ ከሆኑት ቁጥሮች ትንሹን ያገኛል። ልብ በሉ፤ ቦታ የሚይዘው ፋይል ብቻ አይደለም። ከደንበኛ ጋር የሚደረግ እያንዳንዱ የኔትወርክ ግንኙነትም ከዚሁ ሠንጠረዥ አንድ ቁጥር ይወስዳል።

ሠንጠረዡ ገደብ አለው። በብዙ ሲስተሞች የተለመደው ገደብ ለአንድ ፕሮሰስ 1024 ነው። ገደቡ ሲሞላ ከርነሉ ፕሮሰሱን አይገድለውም፤ አዲስ ቁጥር ለጠየቀው ሁሉ EMFILE የሚል ስሕተት ይመልሳል፤ በጽሑፍ ሲወጣ Too many open files ይላል። ፕሮሰሱ በሕይወት መቀጠሉ ነው ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው።

ወደ ገጠመኜ ልመለስ። የማስረጃ ፋይሎችን እየመረመረ ለተጠቃሚዎች መልስ የሚሰጥ አንድ ሰርቨር ነበረን። ከተነሣ ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ አዲስ የሚመጡ ተጠቃሚዎች ይገናኛሉ፤ መልስ ግን አያገኙም። ቀድመው የተገናኙት ያለ ችግር ይሠራሉ። ኢሜይል የሚልከው ክፍል Temporary failure in name resolution እያለ ያማርራል። ይህን አይቼ ወደ ኔትወርክ ክፍል ሄድኩ፤ እነርሱም በትዕግሥት መስመሩን ሁሉ ፈተሹልኝ፤ ምንም አልተገኘም።

አሁን ሳስበው ሁሉም ምልክት አንድ ምክንያት ነበረው። በተያዘ ቁጥር ላይ ማንበብና መጻፍ አዲስ ቁጥር አይጠይቅም፤ ስለዚህ ነባሮቹ አልተነኩም። የአዲስ መጤዎችን የቲሲፒ ግንኙነት የሚያጠናቅቀው ከርነሉ ራሱ ነው፤ ፕሮግራሙ accept ብሎ ሊረከባቸው ሲሞክር ግን ቁጥር የለም። የስም ፍለጋውም ሶኬት መክፈት ነበረበት፤ ሲያቅተው ስሕተቱ የኔትወርክ መስሎ ወጣ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ያልተረከብነው ግንኙነት ከወረፋው አለመውጣቱ ነው። epoll «የሚጠብቅ አለ» ይላል፤ ፕሮግራሙ ይሞክራል፤ ይከለከላል፤ እንደገና «የሚጠብቅ አለ» ይባላል። አንድ የፕሮሰሰር ኮር ምንም ሳይሠራ 100% ይነድዳል።

ሎጉስ ምን ይላል? ትሉኝ ይሆናል። ሎጉ እኩለ ሌሊት ላይ ዝም ብሎ ነበር። ፕሮግራሙ በየዕለቱ የድሮውን የሎግ ፋይል ዘግቶ አዲስ ይከፍታል፤ በዘጋበት ቅጽበት የተለቀቀችውን ብቸኛ ቁጥር በሌላ ትሬድ ላይ ያለው accept ነጠቃት።

ገደቡ የየፕሮሰሱ ስለሆነ እኔ በሌላ ሼል ሆኜ ያለ ችግር መመርመር እችል ነበር፤ የዘገየሁት ስላላሰብኩት ብቻ ነው። የፕሮሰሱ ቁጥር 2217 ነው እንበል፦

```
ls /proc/2217/fd | wc -l
grep 'open files' /proc/2217/limits
```

ሁለቱም 1024 አሉ። ዝርዝሩን በ ls -l ሳየው አብዛኞቹ ቁጥሮች ወደ ማስረጃ ፋይሎች ያመለክታሉ፤ እነዚያም ሁሉ ጎደሎ ሆነው የደረሱ ነበሩ። ኮዱ እነሆ፦

```c
int fd = open(path, O_RDONLY);
if (fd < 0) return -1;
n = read(fd, buf, sizeof buf);
if (n < 40) return -1;
close(fd);
```

ፋይሉ ከ40 ባይት ካነሰ ፕሮግራሙ ካርዱን ሳይመልስ ይወጣል። ሰርቨሩ ሲነሣ 24 ያህል ቁጥር ይይዝ ነበር፤ በሰዓት 40 ጎደሎ ፋይል ቢመጣ ቀሪው 1000 በ25 ሰዓት ያልቃል። ጎደሎ ፋይል በማይመጣበት የሙከራ ክፍላችን ችግሩ ፈጽሞ አልታየም።

አንድ ባልደረባዬ ገደቡን ወደ 65536 እናሳድገው አለ። በዚሁ ስሌት ሰርቨሩ የሚቆመው ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ይህን የሚያስታውስ ሰው ላይኖር ይችላል። ገደብ ማሳደግ ተገቢ የሚሆነው በእርግጥ ብዙ ደንበኛ በአንድ ጊዜ ሲኖር ነው፤ ቁጥሩ ከደንበኛው ብዛት ጋር ወጥቶ አብሮ የሚወርድ ከሆነ። የእኛ ሌሊት ደንበኛ ሲቀንስም አይወርድም ነበር።

close የሚለውን መስመር ከምርመራው በላይ አወጣነው። ከዚህም ሌላ ፕሮግራሙ ሲነሣ /dev/null ከፍቶ አንድ መጠባበቂያ ቁጥር እንዲይዝ አደረግን። EMFILE ሲመጣ መጠባበቂያውን ይዘጋል፤ በተለቀቀው ቦታ የሚጠብቀውን ደንበኛ ተረክቦ ወዲያው ያሰናብተዋል፤ መጠባበቂያውንም መልሶ ይከፍታል። ደንበኛው አገልግሎት ባያገኝም ያለ መልስ አይጠብቅም፤ ኮሩም በከንቱ አይነድድም። ይህ የሚያስተማምነው ግን ቁጥር የሚጠይቀው ትሬድ አንድ ብቻ ሲሆን ነው፤ ብዙ ትሬድ ካለ የተለቀቀውን ቦታ እንደ ሎጉ ሌላው ሊቀድምበት ይችላል።