ስለ ድድ መድማት፥ ስለ ማበጡና ስለ መሸሹ
ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



ጥርሱን የሚቈረጥመው ሰው ማንም ሳይመክረው ሐኪም ይፈልጋል፤ ድዱ የደማ ሰው ግን ደሙን ተፍቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህም የሚሆነው የድድ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ሥቃይ ስለሌለው ነው። ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንደ ተተከለ ምሰሶ ነው፤ ድዱና አጥንቱም በምሰሶው ሥር ዙሪያውን እንደ ተጠቀጠቀ አፈር ናቸው። አፈሩ ሲላላ ምሰሶው በዚያው ቀን አይወድቅምና ባለቤቱ ሳያውቀው ዓመታት ያልፋሉ።

ጤነኛ ድድ በፎቶግራፍ ሲታይ እንደ ሸሚዝ አንገትጌ በጥርሱ ዙሪያ ገጥሞ ይቀመጣል፤ በሁለት ጥርሶች መካከል ያለውም ጫፉ ሹል ሆኖ ክፍተቱን ይሞላል። የውጭ አገር መጻሕፍት ጤነኛውን ድድ ሮዝ፥ የታመመውን ቀይ አድርገው ያሳያሉ። በኢትዮጵያ ግን ከተፈጥሮው ድዱ የጠቈረ ሰው ብዙ ነው፤ ለውበት ብለው ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶችም አሉ። ይህ ጥቁረት ሕመም አይደለም፤ ነገር ግን ቅላቱን ይሸፍናል። ስለዚህ ተመልካቹ ቀለሙን ትቶ ቅርጹን ይመርምር። የታመመው ድድ ሹልነቱን አጥቶ እንደ ተነፈረ ባቄላ ይነፋል፤ ላዩም ያብረቀርቃል፤ ሲፍቁት ይደማል። ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ግን ድዱ ታሞም ሳለ ጥቂት ብቻ ስለሚደማ፥ ደም አለመታየቱ ለጤናው ምስክር አይሆንለትም።

የሕመሙ መነሻ በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ በየቀኑ የሚጋገረው ለስላሳ እድፍ ነው፤ በውስጡም በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ይራባሉ። በ1965 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሃራልድ ሎ የተባለ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በዴንማርክ አገር ይህን በግልጥ አሳየ። ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት ተዉ፤ ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥም የሁሉም ድድ ተቈጣ። ማጽዳት እንደ ጀመሩ ደግሞ በአንድ ሳምንት ያህል ድዳቸው ተመለሰ። እንግዲህ የመጀመሪያው ደረጃ ይህ ነው፤ ድዱ ያብጣል፥ ይደማል፥ አጥንቱ ግን አልተነካም፤ ሕመሙም ፈጽሞ ይድናል።

ለስላሳው እድፍ ሳይጠረግ ሲቀር የምራቅ ጨው እየገባበት ድንጋይ ይሆናል፤ ድንጋዩም በመፋቂያ አይለቅም። በአንዳንድ ሰው ላይ ቍጣው ወደ ውስጥ ይዘልቅና ድዱ ከጥርሱ ተላቅቆ ኪስ ይሠራል፤ ከሥሩ ያለውም አጥንት ይበላል። ሁለተኛው ሕመም ይህ ነው፤ የጠፋው አጥንት እንደ ቀድሞው አይመለስም፤ የሕክምናውም ሥራ የቀረውን ማዳን ነው። ሐኪሞች ይህን በአራት ደረጃ ይከፍሉታል። ጥርሱ ከያዘው የተላቀቀው እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን አንደኛ፥ 3 ወይም 4 ሲሆን ሁለተኛ፥ 5ና ከዚያ በላይ ሲሆን ሦስተኛ ይባላል፤ አራተኛው በሕመሙ ምክንያት ብዙ ጥርስ ወልቆ ማኘክ የሚያውክበት ነው።

አንድ የመንደር መምህር ጎረቤቱ የነበረውን የ45 ዓመት ገበሬ በዚህ ነገር ረዳው። ገበሬው መፋቂያው ላይ ደም ባየ ጊዜ «ቍስል አይነካም» ብሎ የሚደማውን ስፍራ መፋቅ ትቶ ነበር። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው፤ የሚደማው እድፍ ስላለበት ነውና የተተወው ስፍራ ይብሱን ይደማል። መምህሩ ገበሬውን በመስኮት ብርሃን ፊት አስቀምጦ፥ እጁን ታጥቦ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ፥ በእጅ ስልኩ ከፊት፥ ከቀኝና ከግራ ፎቶግራፍ አነሣው። ከዚያም የመፋቂያውን ጫፍ አኝኮ እንደ ብሩሽ እንዲያለሰልሰው፥ ወደ ጎን ሳይገዘግዝ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ በቀስታ እንዲጠርግ፥ የሚደማውን ስፍራ ከሁሉ ይልቅ እንዳይተው፥ ይህንንም ጧትና ማታ እንዲያደርግ ነገረው።

በ14ኛው ቀን በዚያው ስፍራና በዚያው ብርሃን ሁለተኛ ፎቶግራፍ ተነሣ። በላይኛው ጥርስ በኩል እብጠቱ ጐድሎ መድማቱም ቀርቶ ነበር። በታችኞቹ የፊት ጥርሶች ግን ድዱ የሸሸ መስሎ ጥርሶቹ ረዘሙ፤ በመካከላቸውም ጥቋቍር ክፍተቶች ታዩ። ገበሬው «መፋቁ ድዴን በላው» ብሎ ተቈጣ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ አጥንቱ አስቀድሞ ጐድሎ ሳለ እብጠቱ ሸፍኖት ነበር፤ እብጠቱ ሲወርድ የቈየው ጉድለት ተገለጠ። ከነዚህ ጥርሶች በስተጀርባ ቡናማ ድንጋይ ተጋግሮ ነበር፤ ደሙም በዚያ ስፍራ አልቆመም። ሁለት ሳምንት በደንብ ተጠርጎ የሚደማ ድድ የጥርስ ሐኪም ጉዳይ ስለ ሆነ፥ መምህሩ ወደ ከተማ ላከው።

ሐኪሙ በሚሊ ሜትር የተለካች ቀጭን ዘንግ በድዱና በጥርሱ መካከል እያገባ ዙሪያውን ለካ። በጤነኛ ድድ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ትገባለች። በታችኞቹ የፊት ጥርሶች 5 ገባች፤ በፎቶግራፉ ላይ ጤነኛ መስሎ በታየው በቀኙ መንጋጋ ጥርስ ግን 6 ገባች። ፎቶግራፍ ላዩን እንጂ ኪሱን አያሳይምና፥ ፎቶግራፍ «ሂድ» ለማለት ይበቃል፥ «አትሂድ» ለማለት ግን አይበቃም። አጥንቱ ምን ያህል እንደ ጐደለ በራጅ ታየ፤ ሕመሙም ሦስተኛ ደረጃ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ በሁለት ቀጠሮ ድንጋዩን ከድዱ በላይና ከድዱ በታች ፋቀለት። ገበሬው ድንጋዩ ከወጣ በኋላ ጥርሱ የላላ መሰለው፤ ቀዝቃዛ ውኃም ለጥቂት ቀን አንዘረዘረው። ከሦስት ወር በኋላ ሲለካ 6 የነበረው 4 ሆነ፤ ደሙም ቆመ። የሸሸው ድድ ግን በሸሸበት ቀረ፤ በየጥቂት ወሩም እየተመለሰ እንዲታይ ታዘዘ።

ድድ ሁሉ በዚህ ሕመም ብቻ አይሸሽም። በክራንቻና በአጠገቡ ባሉት ጥርሶች ፊት ብቻ ሸሽቶ፥ ጠንካራና የማይደማ ከሆነ፥ ብዙውን ጊዜ ወደ ጎን በኃይል የመፋቅ ጠባሳ ነው፤ ለዚህ ሰው መድኃኒቱ እጁን ማቅለል ነው።

ጥርሱ የተነቃነቀ ወይም ከቦታው የተንሸራተተ፥ ከድዱም መግል የሚወጣ ሰው ሁለት ሳምንት መጠበቅ የለበትም፤ ወዲያው ወደ ጥርስ ሐኪም ይሂድ። እብጠቱ ወደ ጕንጭ ወይም ወደ አንገት የወረደ፥ የሚያተኩሰው፥ አፉን መክፈት ወይም መዋጥ የተሳነው ሰው ግን የጥርስ ሐኪም ሳይፈልግ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ድዱ እየደማ በገላው ላይ ያለ ምክንያት የሚበልዝ ወይም የሚነስረው ሰው የደም ሕመም እንዳይሆን ሐኪም ይየው።

በሕፃናት ላይ አንድ ክፉ ነገር አለ፤ ኖማ ይባላል። በ2023 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የዓለም ጤና ድርጅት ቸል ከተባሉት የቈላ አገር በሽታዎች መዝገብ አግብቶታል። የሚይዘውም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያለውን በምግብ እጦት የደከመ፥ ወይም በቅርቡ ከኩፍኝ የተነሣ ልጅ ነው። ድዱ ይቈስላል፥ ይደማል፥ አፉ ይከረፋል፤ ቀጥሎ ጕንጩ ያብጣል፤ በጥቂት ቀንም ሥጋው ጠቍሮ ይበሳል። በድዱ ላይ ሳለ ከተደረሰበት በመድኃኒት፥ አፉን በማጠብና በምግብ ይቆማል። እንዲህ ያለ ልጅ በመንደር የተገኘ እንደ ሆነ፥ ፎቶግራፍ በማንሣት ጊዜ ሳይጠፋ፥ ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።