ሲንጀሯ ትምራችሁ

«ከእናቴ የልብስ ስፌት መኪና ተነሥቼ ስለ ቤተሰባችን መጻፍ ጀመርኩ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን መኪናዋ ጠፋችብኝ» የሚል ደብዳቤ ደርሶኛል። ጸሐፊዋ የአዲስ ከተማ ልጅ ናት፤ እናቷ መርካቶ በረንዳ ላይ ዩኒፎርም እየሰፉ ነው ያሳደጓት። እንዲህ ያለ ጥያቄ በየጊዜው ስለሚመጣ ዛሬ እንነጋገርበት።

የላከችልኝን ጽሑፍ አነበብኩት። መኪናዋ መግቢያው ላይ ብቅ ትልና ወዲያው ጣልያን ገበያውን ከአራዳ እንዴት እንዳዛወረው ይተረካል። የኔ እህት፣ ይህን ያልሰማ የመርካቶ ልጅ አለ? መኪናዋ ካልመራችሽ ወደዚያ አትሂጂ። እያንዳንዱ አንቀጽ መኪናዋ ላይ ካለ አንድ ምልክት ይነሣ።

እስቲ ሲንጀሯን አብረን እንያት። ብረቱ ላይ ፊደልና ቁጥር ተመትቷል። ከኩባንያው መዝገብ ጋር ሲመሳከር ፋብሪካውንና ዘመኑን ይናገራል። ምናልባት በ1980 እ.ኤ.አ. የተዘጋው የስኮትላንዱ ክላይድባንክ ፋብሪካ ይሆናል። መዝገቡ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መቀነስ አይረሳ። ደግሞ ቁጥሩ የሚነግረን የትና መቼ እንደተሠራች ብቻ ነው። መቼ፣ በማን እጅ፣ በዱቤ ይሁን በእቁብ ብር እቤት እንደገባች የሚያውቁት እናት ናቸው።

ወደ ታች ዝቅ እንበል። የፔዳሉ ጠፍር ተበጥሶ በሽቦ ተቀጥሏል ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሽዋል። ምነው? ማን ቀጠለው? አዲስ ያልተገዛው ለምንድን ነው? ያን ዓመት ቤቱ ምን ገጥሞት ነበር? እዚያች ሽቦ ላይ አንድ ሙሉ አንቀጽ አለ። መሳቢያው ውስጥ ያለው የካኪ ቁራጭ ደግሞ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል እናትሽ ሲሰፉ ያደሩባቸውን የጳጉሜን ሌሊቶች ያመጣል። እጅሽ ያልዳሰሰውን ብዕርሽ አይጻፈው ማለቴ ነው።

መኪናዋ ጌጥ ሆና መቅረቷን በምን ታውቂያለሽ? ስሟን ከጽሑፉ ሰርዢና አንብቢው። ታሪኩ ምንም ሳይጎድለው ከቆመ ሥራ አልሰጠሻትም፤ ከፈረሰ ግን ተሸክማዋለች።

ሰዓቴን እየጨረስኩ ነው። ቶሎ ቶሎ ልበል፦ «የእናቴ የጽናት ምልክት» ብለሽ አትደምድሚ፤ ጠፍሩ ብሎልሻል። ያላወቅሽውንም ፈጥረሽ አትሙዪ።

እናቶቻችሁ በሕይወት ያሉላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ መኪናዋ አጠገብ አስቀምጧቸውና «ይቺን የቀጠለው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ደህና እደሩ።