የእናታችን ቤት፦ ወራሾች ካልተስማሙ ፍርድ ቤቱ ምን ያደርጋል?

የዛሬው ወሬያችን ስለ ቤት ነው። ቤት ስለመግዛት አይደለም፤ ወላጆቻችን ትተውልን ስለሚያልፉት ቤት ነው። እዚህ ፔታህ ቲክቫ ብዙዎቻችሁ የምታውቋት ቤት አለች፤ አሳንሰር በሌለው አሮጌ ሕንፃ ላይ ያለች፣ አባትና እናት ማሽካንታ እየከፈሉ የገዟት፣ ሦስት ክፍል። እናት ያረፈች ጊዜ ሁሉም አብሮ ያለቅሳል። ሰባቱ ቀን ካለፈ በኋላ ግን አንዱ ቀስ ብሎ ይጠይቃል፤ «ቤቱ እንዴት ይሁን?»

አንድ ቤተሰብ ላንሳላችሁ። የማንም ታሪክ አይደለም፤ በየቤቱ ከሚሰማው ያቀናበርኩት ምሳሌ ነው። አባት ከብዙ ዓመት በፊት ሞቷል፣ እናት አሁን አረፈች። ሁለቱም ኑዛዜ አልጻፉም። ቤቱ ግማሹ በእሱ፣ ግማሹ በእሷ ስም ታቡ ላይ ተመዝግቧል። አራት ልጆች አሏቸው፦ ትልቁ ወንድም፣ እህት፣ መካከለኛው እና ትንሹ። ትንሹ ከእናቱ ጋር እየኖረ ስድስት ዓመት አስታሟታል፤ ኩፓት ኾሊም የሚወስዳት እሱ፣ ሌሊት የሚነሳላት እሱ። እናትየውም በሽማግሌዎች ፊት «ይህ ቤት የእሱ ነው» ብላለች፤ ሁሉም ልጆች ሰምተዋል፣ ማንም አልተቃወመም። አባት ደግሞ ከመጀመሪያ ትዳሩ የወለዳት አንዲት ልጅ አለች፤ ጎንደር ነው የምትኖረው።

አሁን ትልቁና መካከለኛው «ይሸጥ» ይላሉ። ትንሹ «እናቴ ሰጥታኛለች» ይላል። ማን ነው ትክክል?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚደነግጠው። በእስራኤል የውርስ ሕግ፣ በ1965 በወጣው፣ አንቀጽ 8 እንዲህ ይላል፦ ሰው በሕይወት እያለ ስለ ውርሱ የሚደረግ ስምምነት ዋጋ የለውም። ከሞት በኋላ ይጸናል ተብሎ የሚሰጥ ስጦታም በኑዛዜ ካልሆነ አይቆምም። ስለዚህ የእናትየው ቃል፣ የሽማግሌዎቹ ምስክርነት፣ የወንድሞች ዝምታ፣ ሁሉም በሕግ ፊት ቤቱን አያስተላልፍም። ስድስት ዓመት ማስታመምም ተጨማሪ ድርሻ አያመጣም። ዳኛው ማን ደከመ፣ ማን ጥሎ ሄደ ብሎ ቤቱን አይመድብም። ይህ ለትንሹ መራራ ነው፤ ግን ቀድሞ ማወቁ ይሻለዋል።

ታዲያ ድርሻው ስንት ስንት ነው? ኑዛዜ ከሌለ ባለትዳር የሟችን ግማሽ ትወርሳለች፣ ልጆች የቀረውን እኩል ይካፈላሉ። አባት ሲሞት ከእሱ ግማሽ ውስጥ ግማሹ፣ ማለትም የቤቱ ሩብ፣ ለእናት ሄደ። ሌላው ሩብ ለአምስት ልጆች ተከፈለ፤ አምስተኛዋ የጎንደሯ ናት። ለእያንዳንዳቸው 5 በመቶ ደረሳቸው። እናት ስትሞት የቤቱ ሦስት ሩብ በእጇ ነበር፤ ያ ለአራቱ ልጆቿ ብቻ ይከፈላል። በመጨረሻ አራቱ እያንዳንዳቸው 23.75 በመቶ፣ የጎንደሯ እህት 5 በመቶ አላቸው። ቤቱ 1,600,000 ሼቄል ያወጣል ብንል፣ ለአራቱ ለእያንዳንዳቸው 380,000፣ ለእሷ 80,000 ማለት ነው።

«እሷንማ ማን ያውቃታል፣ ዝም ብለን እንለፋት» የሚል ይኖራል። ተጠንቀቁ። የውርስ ትእዛዝ፣ ጻቭ የሩሻ የምንለው፣ ከውርስ ጉዳዮች መዝጋቢ የሚወጣው በማመልከቻና በመሐላ ቃል ነው። ወራሽ ደብቆ መማል ሐሰት ነው፤ ትእዛዙም በኋላ ሊታረም ወይም ሊሰረዝ ይችላል። ደግሞ እናስተውል፤ እዚህ ሁለት ትእዛዝ ያስፈልጋል፣ አንዱ ለአባት፣ አንዱ ለእናት። ብዙ ቤተሰብ የአባቱን ሳያወጣ ዓመታት ያልፉና፣ በኋላ የአባት ስም በአንዱ ወረቀት አንድ፣ በሌላው ሌላ ሆኖ ይገኛል። ያን ማስተካከል ራሱ ወራት ይበላል።

ትእዛዙ ወጣ፣ ስምምነት ግን የለም እንበል። ትልቁ ወንድም ለቤተሰብ ጉዳይ ፍርድ ቤት የፒሩክ ሺቱፍ ክስ፣ ማለት የጋራ ባለቤትነት ይፍረስ የሚል ክስ ያቀርባል። ፔታህ ቲክቫ የራሷ የቤተሰብ ፍርድ ቤት አላት። በ1969 የወጣው የመሬት ሕግ አንቀጽ 37 ማንኛውም የጋራ ባለቤት በማንኛውም ጊዜ መለያየትን መጠየቅ ይችላል ይላል። 5 በመቶ ያላት የጎንደሯ እህትም ትችላለች። ዋናውን ነገር እዚህ ያዙልኝ፦ በእንደዚህ ዓይነት ጉዳይ ክርክሩ በአብዛኛው «እንለያይ ወይስ አንለያይ» አይደለም፣ «እንዴት እንለያይ» ነው። «አልፈልግም» ማለት ብቻውን ቤቱን አያድንም።

መሬት ቢሆን በቁራሽ ሊከፈል ይችል ነበር። ሦስት ክፍል ቤት ግን ለአምስት አይቆረጥም። ለዚህ የውርስ ሕግ አንቀጽ 113 መልስ አለው፦ የማይከፋፈል ንብረት፣ ወይም ቢከፋፈል ብዙ ዋጋውን የሚያጣ ንብረት፣ ከወራሾቹ መካከል ከፍተኛውን ዋጋ ለሚሰጠው ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ከገበያው ማነስ የለበትም። እንዲህ ያለ ወራሽ ካልተገኘ ለውጭ ሰው ይሸጥና ገንዘቡ ይከፈላል። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ሻማይ፣ ማለት የንብረት ገማች ይሾማል፤ ወራሾች እርስ በርስ እንዲጫረቱ ዕድል ይሰጣል። ይህች የጊዜ ክፍተት ቤቱን ማስቀረት ለሚፈልግ ሰው ትልቋ በር ናት። ገንዘብ ይዞ ካልመጣ ግን ትዘጋለች።

ትንሹ ስንት ይዞ መምጣት አለበት? የራሱ 380,000 አለው፤ የቀረው 1,220,000 ነው። በእስራኤል ባንክ ደንብ መሠረት ባንኮች ለብቸኛ መኖሪያ ቤት ከዋጋው እስከ 75 በመቶ ያበድራሉ፤ ያ እዚህ 1,200,000 ይሆናል። ቢፈቀድለት እንኳ 20,000 ይጎድለዋል፤ በ5 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ወርሃዊ ክፍያው ወደ 6,400 ሼቄል ይሆናል። በአንድ ደመወዝ ከባድ ነው።

ካልቻለስ? ፍርድ ቤቱ ኮኔስ ኔኻሲም ይሾማል፤ ብዙ ጊዜ የሁለቱ ወገን ጠበቆች አብረው ይሾማሉ። ቤቱን የሚያሳዩት፣ ጨረታ የሚቀበሉት እነሱ ናቸው፤ ሽያጩን ፍርድ ቤት ያጸድቀዋል፤ አበላቸውም ከቤቱ ዋጋ ላይ ይቀነሳል። እዚህ ላይ የሚፈጠረውን ጥፋት በቁጥር ላሳያችሁ። ትንሹ ተናዶ ቁልፍ ቀየረ፣ ገዢ ሲመጣ በር አልከፍትም አለ እንበል። ሰው የማይወጣበት ቤት ገዢ ይሸሻል፤ በ1,600,000 ፋንታ በ1,450,000 ተሸጠ። ለገማች፣ ለኮኔስና ለክስ 90,000 ወጣ። የቀረው 1,360,000 ነው፤ የአንዱ ድርሻ 323,000። አራቱም እያንዳንዳቸው 57,000 ሼቄል አጡ፤ ትንሹም ጭምር። በዚያ ላይ ሌሎቹን ከልክሎ ብቻውን ስለኖረበት ጊዜ የኪራይ ሒሳብ ሊጠየቅ ይችላል።

ትንሹ ሜዳ ላይ ይጣላል ማለት ግን አይደለም። አንቀጽ 115 ከሟች ጋር በቤቱ ይኖር የነበረ ባለትዳር፣ ልጅ ወይም ወላጅ በተከራይነት መቀጠል ይችላል ይላል። ኪራዩንና ጊዜውን በስምምነት፣ ካልሆነ በፍርድ ቤት ይወስናሉ። ይህን መብት ቁልፍ ከመቀየሩ በፊት ቢያነሳው ለድርድር ጥሩ መነሻ ይሆነዋል።

አሁን ሌላ መንገድ እንይ። እህትየው ገንዘቡን ዛሬ አትፈልገውም፤ ቤቱም ባይሸጥ ደስ ይላታል። ድርሻዋን በስሟ ካቆየች፣ ትንሹ መግዛት ያለበት የሁለቱን ወንድሞችና የጎንደሯን ነው፦ 380፣ 380 እና 80፣ በድምሩ 840,000። በዚያው ወለድ ወርሃዊው ወደ 4,500 ይወርዳል። ይህ ሊታሰብ የሚችል ቁጥር ነው። ነገር ግን ባንኩ ቤቱን በሙሉ መያዣ ሊፈልግ ይችላል፤ ያኔ እህትም ትፈርማለች፤ ወንድሟ ካልከፈለ የእሷም ድርሻ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ መቼ እንደምትወጣ፣ ያን ቀን ዋጋውን ማን እንደሚገምት፣ ቫዓድ ባይትና ጥገና ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይቀመጥ። ግብርም አለ፦ ወራሾች በውርሱ ውስጥ ባለው ንብረት ብቻ የመጀመሪያ ክፍፍል ሲያደርጉ እንደ ሽያጭ አይቆጠርም። ከውጭ ገንዘብ አምጥቶ የወንድምን ድርሻ መግዛት ግን በዚያ መጠን ሽያጭ ነው። ነፃ የሚያደርጉ ድንጋጌዎች አሉ፤ ከመፈረም በፊት ይጠየቅ።

የሽማግሌ ቦታ እዚህ ላይ ነው። እናት በሕይወት ሳለች በፊታቸው የተባለው በሕግ አልጸናም። ከሞቷ በኋላ ወራሾች ሁሉ በሽማግሌ ፊት የሚስማሙት ግን ይጸናል፤ በጽሑፍ ሆኖ፣ ሁሉም ፈርመው፣ በፍርድ ቤት ከጸደቀ የፍርድ ኃይል አለው። የጎንደሯ እህት ፊርማም መኖር አለበት፤ የእሷ ከጎደለ ስምምነቱ ጎዶሎ ነው።

ከመሰናበቴ በፊት፣ እናቶቻችሁ በሕይወት ላሉላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናት «ቤቱ ለእሱ ይሁን» ካለች ቦታው ኑዛዜ ነው። ግን በእኛ ቤት እናትን ጠበቃ ጋ ወስዶ የሚያስተረጉም ልጁ ራሱ ነው። አንቀጽ 35 ኑዛዜውን ላዘጋጀ፣ ለመሰከረ ወይም በሌላ መንገድ በዝግጅቱ ለተካፈለ ሰው፣ ለባለቤቱም ጭምር፣ የተሰጠውን ድርሻ ይሽራል። ስለዚህ የምትጠቀሙት እናንተ ከሆናችሁ ከክፍሉ ውጡ። እሷ የራሷን ጠበቃ ትምረጥ፣ አስተርጓሚው ባዕድ ይሁን፣ የተጻፈውም በአማርኛ ይነበብላት። ቃሏ በኋላ የሚቆመው እንዲህ ከሆነ ነው።

ለዛሬ ይህን ያህል። በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።