ለታመመች ጓደኛ ምን ይዘን እንሂድ?
(ዓርብ ከጸሎት በኋላ ለእኅቶች የተደረገ ንግግር)

እኅቶቼ፣ ዛሬ ስለ ምግብ ተናገሪ ስባል አንዳንዶቻችሁ እንደሳቃችሁ አይቻለሁ። እውነት ነው፣ ምግብ መሥራት ሥራችን ነው፤ ከማናችሁም የተሻልኩ ሆኜ አይደለም የቆምኩት። የቆምኩት አንድ ጊዜ ሆስፒታል ይዤ የሄድኩት ምግብ ሰው ስለጎዳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ጓደኛችን የሐሞት ከረጢቷን በቀዶ ጥገና አወጡላት። ጊዜው ነሐሴ ነው፣ የፍልሰታ ጾም በተፈታ በሳምንቱ። የካይሮን የነሐሴ ሙቀት ታውቁታላችሁ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ አርድ ኤል ለዋ ከአምስት ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ነበር የማርፈው። የእረፍት ቀኔ ዓርብ ስለሆነ ሐሙስ ማታ ከማዳም ቤት እንደገባሁ ዶሮ ወጥ ሠራሁ፤ በአሥራ ሁለት እንቁላል፣ በትልቁ ድስት። ፍሪጃችን ትንሽ ናትና ድስቱ አልገባ አለ፤ ከድኜ ምድጃው ላይ አሳደርኩት። ጠዋት አሞቅኩት፣ በፎጣ ጠቀለልኩት፣ እንጀራውን በፌስታል ያዝኩና በማይክሮባስ ሄድኩ። መንገዱ ተዘጋግቶ ስደርስ ቀትር አልፏል።

ጓደኛዬ ክዳኑን ስከፍተው ፊቷን አዞረች። ማደንዘዣው ገና ከሰውነቷ አልወጣም፣ ያቅለሸልሻታል። ቅቤና በርበሬ ሸተታት። ነርሷም መጥታ «ቅባት የለም፣ ማምኑዕ» አለች። ልክ ነበረች፤ ሐሞት ከወጣ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅባት የበዛበት ምግብ ሆድ ያሳምማል፣ ተቅማጥም ያመጣል። እኔ ግን አኮረፍኩ። ድስቱን አልጋው ሥር አስቀምጬ «ሲሻልሽ ትበያለሽ» ብዬ ወጣሁ።

ማታ የበላችው የምታስታምማት የአክስቷ ልጅ ናት። ቀኑን ሙሉ ምንም አልቀመሰችም ነበር። ወጡ አልሸተተም፣ አልኮመጠጠም፤ «ጣት ያስቆረጥማል» ብላ ደውላ አመሰገነችኝ። ሌሊት ትውከትና ተቅማጥ ጀመራት፤ ሲነጋ እሷም ግሉኮስ ተሰክቶላት ነበር። አንዲት ታማሚ ሁለት ሆኑ፣ የመጀመሪያዋም ያለ አስታማሚ ቀረች።

በኋላ ዶክተሩን ጠየቅኩት፣ «ጠዋት እኮ አሞቄዋለሁ» አልኩት። የበሰለ ምግብ ለብ ብሎ ሲቀመጥ ጀርም ይራባል፣ አንዳንዱ ጀርም ደግሞ ምግቡ ውስጥ መርዝ ይተዋል፤ ማሞቅ ጀርሙን ቢገድልም ያን መርዝ አያጠፋውም አለኝ። በሽታም በጣዕምም አይታወቅም። የበሰለ ነገር ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ እንደ ነሐሴ ባለ ሙቀት ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። እናንተ ቁጠሩት፤ ከአርድ ኤል ለዋ ወይም ከሐዳየቅ ኤል ማዲ ተነስታችሁ፣ ሜትሮ ይዛችሁ፣ ለምሳሌ ቀስር ኤል ዓይኒ ለመድረስ ሰይዳ ዘይነብ ወርዳችሁ፣ በር ላይ ተሰልፋችሁ፣ ሰዓቱ መንገድ ላይ ያልቃል። እዚያ ደግሞ በየአልጋው ፍሪጅ የለም።

ከዚያ ወዲህ ድስት ከማንሳቴ በፊት ስልክ አነሳለሁ። ለታማሚዋ ሳይሆን ለአስታማሚዋ ነው የምደውለው፤ ታማሚ ሲጠይቋት «አትልፊ፣ ምንም አልፈልግም» ነው የምትለው። መጀመሪያ የምጠይቀው ዶክተሩ ምን እንደፈቀደ ነው። ሆድ የተቀደደች ከሆነች እዚህ አገር ዶክተሮቹ ራሳቸው «ጋዝ ወጣ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ አንጀት መሥራት መጀመሩን ከሚያዩበት ምልክት አንዱ ነው። ዶክተሩ ካልፈቀደ ውሃም ቢሆን ከእኛ እጅ አይሰጥም። ስኳር በሽታ ካለባት ጁስና ቴምር ይቀራል። ኩላሊት ከሆነ ሙዝና ብርቱካን እንኳ ዶክተር ሳይጠየቅ አይወሰድም። ቀጥዬ ትናንት ምን በልታ ሆዷ ውስጥ እንደቀረላት እጠይቃለሁ። «ምን ትወዳለች?» አልልም፤ የምትወደውን እኔም አውቀዋለሁ፣ ዶሮ ወጥ ነው! የታመመ አፍ ግን የሚወደውን አይደለም የሚቀበለው። በመጨረሻ ማን አብሯት እንደሚያድር፣ ቤትስ ማን እንደቀረ እጠይቃለሁ። ይህንን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን፣ ምግቡ የሚባክነውም ሰው የሚራበውም በዚህ ነው።

ባለፈው ክረምት ያደረግኩትን ልንገራችሁ። አንዲት እኅታችን ትርፍ አንጀት ተሠራች። ደወልኩ። ታናሽ እኅቷ ናት የምታስታምማት፤ ቤት ደግሞ የስምንት ዓመት ልጇ ከጎረቤት ጋር ቀርቷል። ከተሠራች ሁለተኛ ቀኗ ነው፣ ፈሳሽ ተፈቅዶላታል፣ ሻይ ጠጥታ አላስመለሳትም፣ ወተት ግን አስመልሷታል። ስለዚህ ሦስት አፍ አለ ማለት ነው፤ ሦስቱም የሚፈልጉት የተለያየ ነው።

ለታማሚዋ የዶሮ መረቅ ሠራሁ። ግማሽ ዶሮ፣ አንድ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮት፣ ስድስት ብርጭቆ ውሃ፣ ጥቂት ጨው። በቀስታ 1 ሰዓት ያህል ፈላ። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ስብ በማንኪያ ገፈፍኩት፣ ከዚያ አጠለልኩት። በርበሬ የለም፣ ቅቤ የለም። ቴርሞሱን በፈላ ውሃ ሞልቼ 5 ደቂቃ አቆየሁት፤ ባዶው ቴርሞስ ቀዝቃዛ ስለሆነ መረቁን ይሰርቅበታል። ውሃውን ደፍቼ መረቁን ገና እየፈላ እስከ አፉ ሞላሁት። ጎዶሎ ቴርሞስ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ትንሽ ቴርሞስ ግዙ፣ ግማሽ ሊትር ይበቃል፤ ታማሚ በአንድ ጊዜ ከአንድ ኩባያ በላይ አትጠጣም። የክዳኑን ጎማ አውጥታችሁ እጠቡት፣ የድሮ ሻይ የሚሸተው እዚያ ነው። ሆስፒታል ስንደርስ ወደ ኩባያ እንቀዳለን እንጂ ከቴርሞሱ አፍ አንጠጣም፤ ምራቅ የገባበት ቀሪው ይበላሻል። ሲከፈት እንፋሎቱ ፊት የማይመታ ከሆነም ይደፋ። ያሳዝናል፣ ግን ይደፋ።

በማግስቱ ለስላሳ ምግብ ሲፈቀድላት በዚያው መረቅ ሊሳን አስፉር ቀቀልኩላት፤ ግብፆች ለታማሚ የሚሠሩት ሩዝ የሚመስለው ፓስታ ነው፣ አንድ እፍኝ ይበቃል። አጥሚት የምትፈልግ ካለችም ከባቅላው ወይም ከሱቁ ሹፋን ገዝታችሁ ፍጩት፤ ሦስት ማንኪያ በሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ እያማሰላችሁ 15 ደቂቃ። ወተቱን ግን ተዉት፣ ቴርሞስ ውስጥ ቶሎ የሚበላሸው እሱ ነው። በሱቅ የታሸገ ዘባዲ ጥሩ ነው፤ አንድ ኩባያ ብቻ፣ እዚያው በር ላይ ካለ ሱቅ ገዝታችሁ ወዲያው የምትበላው ከሆነ። የመንገድ አሲር ግን አትውሰዱ፤ በረዶው ከምን ውሃ እንደሆነ አይታወቅም። ፍሬ ካሰባችሁ የሚላጥ ይሁን። ወይን ታጥቦ ይምጣ ብትሉ የሚታጠብበት ቦታ ከሆስፒታል መታጠቢያ ቤት በቀር የለም።

ለአስታማሚዋ እኅት ደግሞ ሌላ ነገር ያዝኩ። እሷ ጤነኛ ናት፣ ርቧታል፣ ወንበር ላይ ነው የምታድረው። ፊኖ ዳቦ፣ የሦስት ማዕዘኗ የታሸገች ቺዝ፣ ቡቅሱማት፣ ሁለት ሙዝ፣ የታሸገ ውሃ። አንዱም ፍሪጅ አይፈልግም፣ አንዱም አይሸትም፤ ክፍሉ ውስጥ እኮ ሌሎች ታማሚዎችም አሉ። ሳትጠይቀኝ ዳቦውን በልታ ስትጨርስ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት፣ ካልሆነ ለታማሚዋ ታስቀምጠዋለች።

ለልጁ ቤት ያልበሰለ ነገር ላክሁ። አንድ ኪሎ ዓድስ፣ አንድ ኪሎ ሩዝ፣ አሥር እንቁላል፣ ለሦስት ቀን የሚሆን ዳቦ። ለአንድ ልጅና ለምትጠብቀው ጎረቤት ይበቃል። ያልበሰለ ምግብ አይቸኩልም፤ ጎረቤቲቱ በፈለገችው ሰዓት ትሠራዋለች፣ ልጁም የለመደውን ይበላል። ቤቱ ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ካለ አንዳችን ድስት ይዘን አንችለውም፤ እርስ በርስ ተደዋውለን አንዷ ዓድስ፣ አንዷ ዘይት፣ አንዷ የመጓጓዣ ብር ትያዝ። አለበለዚያ አምስት ሰው አምስት መረቅ ይዞ ይመጣል፤ አይቼዋለሁ።

አንድ የቀረኝ የማዳም ወጥ ቤት ነው። ብዙዎቻችን ሌላ ማብሰያ የለንም። ሳትነግሯት አታብስሉ። ዶሮውን በራሳችሁ ብር ግዙ፣ አምጥታችሁ አሳዩዋት፣ «ጓደኛዬ ሆስፒታል ናት፣ መረቅ ልሥራላት?» በሏት። እኔ እስካሁን አይሆንም ያለችኝ የለችም፤ አንዷ እንዲያውም ሎሚ ጨመረችልኝ። ሳይነገራት ግን ከፍሪጇ ግማሽ ዶሮ የጎደለ ከመሰላት ነገሩ ሌባ ወደ መባል ይሄዳል፣ ከዚያ የሚያወጣን የለም። የእናንተን ዕቃ ተጠቀሙ፣ የእሷን ሳህን ከቤት አታውጡ። ደግሞም ያን ቀን ተቅማጥ ካለባችሁ ወይም ጣታችሁ ላይ መግል ያለው ቁስል ካለ አታብስሉ፣ ዳቦና ሙዝ ግዙ።

ያቺ ትርፍ አንጀት የተሠራችው እኅታችን መረቁን ግማሽ ኩባያ ጠጥታ «በቃኝ» አለች። አልተለማመጥኳትም፣ ቀሪውን እኅቷ ጠጣችው። በሳምንቱ ከሆስፒታል ወጥታ ስጠይቃት «አሁንስ ቃሪያ አምጪልኝ» አለችኝ።

ቴርሞሴ ዓርብ ዓርብ እዚሁ ከእኔ ጋር ነው። ሆስፒታል የምትሄድ ካለች ከጸሎት በፊት ትንገረኝ፤ ስትመልሰው ግን ጎማውን አጥባ።