ቃል ከነጓዙ
ለእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር



በእነዚህ ሁለት ቀናት የምንሠራው በአንድ የጥያቄ ዓይነት ላይ ብቻ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጣል፤ ከሥሩ አንድ ቃል በጉልህ ይጻፋል፤ ቀጥሎ መካከሉ ክፍት የሆነ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ይመጣል። ተፈታኙ የተሰጠውን ቃል ሳይለውጥና ከተወሰነው የቃላት ቁጥር ሳያልፍ ክፍቱን ቦታ ይሞላል። ሞልቶ ሲጨርስ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያውን ሐሳብ ሳይጨምርና ሳይቀንስ መናገር አለበት። ሁላችንም «በቅንፍ ባለው ቃል ተጠቅማችሁ መልሳችሁ ጻፉ» እያልን በክፍል ስንሰጠው የኖርነው ሥራ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ በመሆኑ ተማሪያችን ትክክለኛውን መልስ አይቶ መለየትን ይለማመዳል። በዚህ ጥያቄ ግን የሚያየው መልስ የለም፤ ከራሱ ማውጣት አለበት።

ለሥልጠናችን መነሻ ያደረግነው የካምብሪጁን ቢ2 ፈርስት ፈተና ነው። የንባብና የቋንቋ አጠቃቀም ወረቀቱ 52 ጥያቄዎች አሉት፤ የተመደበለት ጊዜ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። አራተኛው ክፍል፣ ከ25 እስከ 30 ያሉት ስድስት ጥያቄዎች፣ የእኛው ጉዳይ ናቸው። መልሱ የተሰጠውን ቃል ጨምሮ ከ2 እስከ 5 ቃል ይሆናል። ከፍ ባለው የሲ1 ፈተና ከ3 እስከ 6፣ በሲ2 ደግሞ ከ3 እስከ 8 ቃል ነው።

አንዱን ጥያቄ ቀስ ብለን እንየው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «አይ ሀቭንት ሲን ማይ ብራዘር ፎር ስሪ ይርስ» ይላል፤ ወንድሜን ለሦስት ዓመት አላየሁትም ማለት ነው። የተሰጠው ቃል «ላስት» ነው። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «ኢት ኢዝ ስሪ ይርስ» ብሎ ይጀምርና ክፍት ቦታ ትቶ «ማይ ብራዘር» ብሎ ያበቃል። መልሱ «ሲንስ አይ ላስት ሶው» ነው፤ አራት ቃል። ሲሞላ ወንድሜን ለመጨረሻ ጊዜ ካየሁት ሦስት ዓመት ሆነ የሚል ዓረፍተ ነገር ይወጣል።

እዚህ ላይ አማርኛችንን እናዳምጥ። «ለሦስት ዓመት አላየሁትም» እንላለን፤ «ካየሁት ሦስት ዓመት ሆነኝ» ብንልም ነገሩ ያው ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ስንሻገር አሉታው ጠፍቷል። «አላየሁትም» የነበረው «ካየሁት» ሆኗል፤ ሐሳቡ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ተማሪያችን ይህን ለውጥ በቋንቋው ዘወትር ያደርገዋል፤ ሲያደርገው አያስተውለውም እንጂ። ስለዚህ በእንግሊዝኛው ከመጀመራችን በፊት በአማርኛ ሁለት ሦስት ጊዜ አስደርገን «ምን ተለወጠ? ምን አልተለወጠም?» ብለን ብንጠይቀው የጥያቄው ምሥጢር ይገለጥለታል።

አሁን ወደ እርማቱ እንምጣ፤ የሥልጠናችን እምብርት እሱ ነው። በካምብሪጁ አሠራር እያንዳንዱ ጥያቄ 2 ነጥብ አለው። መልሱ በሁለት ይከፈልና ለእያንዳንዱ ግማሽ 1 ነጥብ ይሰጣል። በምሳሌያችን «ሲንስ አይ» አንዱ ግማሽ፣ «ላስት ሶው» ሌላው ግማሽ ነው ብለን እንውሰድ። ይህ አከፋፈል ጥያቄው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደሚፈትን ይነግረናል። አንደኛው ጊዜን የሚያያይዘውን ቃል ማወቅ ነው፤ ሁለተኛው ከ«ላስት» ጋር የሚሄደውን የኃላፊ ጊዜ ግስ ማወቅ ነው።

እንግዲህ የአንድ ክፍል ተማሪዎች የሚጽፏቸውን ሦስት መልሶች ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንዱ «ፍሮም አይ ላስት ሶው» ብሎ ይጽፋል። ይህ ልጅ ከአማርኛው «ካየሁት» ላይ «ከ»ን አንሥቶ ነው «ፍሮም» ያለው። ሁለተኛው ግማሽ ልክ ስለሆነ 1 ነጥብ ያገኛል። ሌላዋ «ሲንስ አይ ላስት ሲን» ትላለች። ማያያዣውን ታውቃለች፤ የግሱን መልክ ግን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዳለ አምጥታዋለች። እሷም 1 ነጥብ አላት። ሦስተኛው «ሲንስ አይ ኖት ላስት ሲ» ይላል። አሉታው በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እንደሚቀር አላየም። ማያያዣውን ስላወቀ እሱም 1 ነጥብ ይገባዋል።

ሦስቱም እኩል ነጥብ አገኙ፤ የጎደላቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው «ሲንስ»ንና «ፍሮም»ን መለየት ይቀረዋል። ሁለተኛዋ የግስ መልኮች ይቀሯታል። ለሦስተኛው የሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ሐሳብ እንዴት እንደሚመጣጠን ማሳየት ያስፈልጋል። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት እነዚህን ሦስት መልሶች በአንድ ቀይ መስመር ሰርዤ ዜሮ ስሰጥ ኖሬአለሁ። ያን ጊዜ ከወረቀቱ ያነበብኩት ልጆቹ መሳሳታቸውን ብቻ ነበር። መልሱን ለሁለት ከፍዬ ማረም ከጀመርኩ ወዲህ ግን በማግስቱ ለማን ምን እንደማስተምር ወረቀቱ ይነግረኛል።

ሁለተኛው ነገር ስለ ተሰጠው ቃል ነው። ቃል ብቻውን አይመጣም፤ ከነጓዙ ነው የሚመጣው። «አይ ካንት ዌት ቱ ሲ ማይ ማዘር» የሚል ዓረፍተ ነገር ወስደን «ፎርወርድ» የሚል ቃል እንስጥ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «አይ አም» ብሎ ይጀምርና በ«ማይ ማዘር» ያበቃል። መልሱ «ሉኪንግ ፎርወርድ ቱ ሲዪንግ» ነው። «ፎርወርድ»ን ያየ ተማሪ ከፊቱ «ሉኪንግ»ን፣ ከኋላው «ቱ»ን፣ ከ«ቱ» ቀጥሎም በ«ኢንግ» የሚያልቅ ግስን አብሮ ማየት አለበት። ብዙዎቹ «ሉኪንግ ፎርወርድ ቱ ሲ» ብለው ያቆማሉ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ቱ ሲ» የሚለውን ስላዩ ዓይናቸው ያንኑ ይገለብጣል። ግማሹን ያገኛሉ፤ ግማሹን ያጣሉ። ስለዚህ ደብተር ላይ «ፎርወርድ ማለት ወደ ፊት» ብሎ ማጻፍ ለዚህ ጥያቄ አይጠቅምም። የሚጻፈው ሙሉው ሐረግ ነው፤ ከነመስተዋድዱና ከሚከተለው የግስ መልክ ጋር።

ሦስተኛው የቃላት ቆጠራ ነው። «ፕሊዝ ዶንት ኦፕን ዘ ዊንዶው» የሚለውን እንውሰድና «ራዘር» የሚል ቃል እንስጥ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር በ«አይ» ጀምሮ በ«ኦፕን ዘ ዊንዶው» ያበቃል። መልሱ «ዉድ ራዘር ዩ ዲድንት» ነው። በዓይን ሲቆጠር አራት ይመስላል። ነገር ግን በእንግሊዝኛ ያጠረ ቃል የሚቆጠረው እንደ ተሟላ መልኩ ነው፤ «ዲድንት» ማለት «ዲድ ኖት» ስለሆነ ሁለት ነው። ስለዚህ መልሱ ልክ አምስት ቃል ሆኖ ከወሰኑ ጫፍ ላይ ያርፋል። ከክፍቱ ቦታ ቀጥሎ የታተመውን «ኦፕን» ደግሞ የጻፈ ተማሪ ስድስት ይሆንበታል። ሲጨርስ ከመጀመሪያው ቃል እስከ ነጥቡ ድረስ በጣቱ እየተከተለ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ እንዲያነብ እናስለምደው፤ የተደገመ ቃል ካለ ጆሮው ይይዘዋል።

የሥልጠናው ሁለተኛ ቀን ጥያቄ የማውጣት ቀን ነው። ስለዚህ ስለ አወጣጡ አንድ ነገር ላንሣና ልጨርስ። ወደ «ላስት» ጥያቄያችን እንመለስ። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር በ«ኢት ኢዝ ስሪ ይርስ» ፋንታ በ«አይ» ብንጀምረውና በ«ማይ ብራዘር ስሪ ይርስ አጎ» ብንጨርሰው መልሱ «ላስት ሶው» ብቻ ይሆናል። ማያያዣው ከፈተናው ወጣ፤ የቀረን አንድ ነጥብ የሚፈትን ጥያቄ ነው፤ ለሁለት የሚከፈልም ነገር የለውም። በ«ዘ» ጀምረን በ«ማይ ብራዘር ወዝ ስሪ ይርስ አጎ» ብንጨርሰው ደግሞ መልሱ «ላስት ታይም አይ ሶው» ይሆናል፤ አሁን የምንፈትነው ሌላ ሐረግ ነው። የተሰጠው ቃል በሦስቱም ያው ነው። መንገዱን የሚወስነው ከክፍቱ ቦታ በፊትና በኋላ ያተምነው ነው። ጥያቄ ስናወጣ መነሻችን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሳይሆን መልሱ ይሁን። መጀመሪያ የምንፈትናቸውን ሁለት ነገሮች እንጻፍ፤ ከዚያ መልሱን ለሁለት የሚከፍለውን መስመር እናስምር፤ ዓረፍተ ነገሮቹን ከዚያ በኋላ እንሥራ።

ከዚያ ጥያቄውን መልሱን ለማያውቅ ባልደረባ እንስጥ። እኛ ያላሰብነውን ትክክለኛ መልስ ከጻፈ ሁለት ምርጫ አለን። መልሱ የምንፈልገውን ሁለቱን ነገር የሚያሳይ ከሆነ ከእርማት መመሪያው ላይ እንጨምረዋለን። የማያሳይ ከሆነ ከክፍቱ ቦታ ዳር አንድ ቃል ጨምረን ያን መንገድ እንዘጋለን። ይህን ሳናደርግ ፈተና ላይ ያዋልነው ጥያቄ ልክ የመለሰውን ልጅ ይቀጣል።

ውድ ባልደረቦቼ፣ ነገ ጠዋት ስትመጡ እያንዳንዳችሁ ራሳችሁ ያወጣችሁትን አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ። ከጥያቄው ጋር መልሱን፣ መልሱን ለሁለት የምትከፍሉበትን መስመርና ተማሪዎቻችሁ ሊጽፉ የሚችሉትን ቢያንስ አንድ ስሕተት ጽፋችሁ አምጡ። ሥራችንን የምንጀምረው ከዚያ ወረቀት ነው። ሥልጠናው በይፋ መከፈቱን በዚሁ እገልጻለሁ።