አራት መስመር በትግርኛ

(ለገንዘብ ያዣችን በተዘጋጀው የስንብት ቡና ላይ ከአንዲት አባል የተነገረ)

እህቶቼ፣ ገንዘብ ያዣችን በሚቀጥለው ሳምንት መቀሌ፣ እናቷ ዘንድ ልትገባ ነው። የቁጠባውን ገንዘብ አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረን ስንቆጥር ስለኖርን የስንብቱን ቃል እኔ እንድናገር አዛችሁኛል። በአማርኛ ብናገር ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን እሷ ይህን ሁሉ ዓመት በእኔ ቋንቋ ስታናግረኝ ኖራለች። ለአንድ ቀን እንኳ እኔ ወደ እሷ ልሂድ ብዬ በትግርኛ ጻፍኩ።

የማውቀው ትግርኛ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። ፊደሉ አንድ፣ ብዙው ቃል ተመሳሳይ ስለሆነ ቀላል መስሎኝ ነበር። ያሳሳተኝም ይኸው መመሳሰል ነው። «ከልብ አመሰግናለሁ» ለማለት ፈለግሁ። ምስጋናው «የቐንየለይ» መሆኑን አውቃለሁ፤ ልብም «ልቢ» ነው። ስለዚህ «ከልብ» የሚለውን «ከልቢ» አድርጌ ጻፍኩት። እንድታይልኝ የሰጠኋት ጎረቤቴ በሳቅ ፈረሰች። ለካ «ከልቢ» በትግርኛ ውሻ ነው! የእኛ «ከ» እነሱ ዘንድ «ካብ» ስለሆነ፣ «ካብ ልበይ» ማለት ነበረብኝ።

ሌላም አረመችኝ። «ክናፍቐካ እየ» ብዬ የጻፍኩት ለወንድ የሚባል ነው፤ ለሴት «ካ» ቀርቶ «ኪ» ይሆናል። «ደሓን ኩን» ያልኩትም እንዲሁ «ደሓን ኩኒ» ሆነ፤ እኛ «ሁን» እና «ሁኚ» እንደምንለው ነው።

አንድ ነገር ግን በትግርኛ መጻፍ አቃተኝ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነስቶ ስልክ ሲቋረጥ፣ እህቴ፣ የእናትሽን ድምፅ ሳትሰሚ ወራት አለፉ። አንቺ ግን እየመጣሽ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጥረሽ፣ ሁለታችንም ፈርመን ነበር የምትሄጂው። እኔ ምን እንደምልሽ ስላላወቅሁ ዝም አልኩ፤ ስለ ደረሰኝ ብቻ አወራሁሽ። ጎረቤቴ ይህንንም ልጻፍልሽ ብላኝ ነበር። ነገር ግን የእሷ ቃል እንጂ የእኔ አይሆንም ብዬ እንቢ አልኳት። ስለዚህ በማውቀው ቋንቋ እላለሁ፦ ያኔ «እናትሽ እንዴት ናቸው?» ብዬ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር። ይቅር በይኝ።

የቀረውን በቋንቋሽ ላንብብ፤ አነባበቤን ታገሺኝ።

«ሓፍተይ፣
ካባኺ ብዙሕ ተማሂረ።
ካብ ልበይ የቐንየለይ። ክናፍቐኪ እየ።
ደሓን ኩኒ።»

ለሌሎቻችሁ፦ «እህቴ፣ ከአንቺ ብዙ ተምሬያለሁ። ከልቤ አመሰግናለሁ። እናፍቅሻለሁ። ደህና ሁኚ» ማለት ነው። ወረቀቱን በእጄ ነው የጻፍኩት፤ «ከልቢ» የሚለውንም ሰርዤ ከነስርዙ ትቼዋለሁ። መቀሌ ስትደርሺ ለእናትሽ አንብቢላቸው፤ እሳቸውም ይሳቁብኝ።